ባክ ኮንቨርተር ቮልቴጅን እንዴት ይቀንሳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ አንድ ምሳሌ ይከተላሉ፤ ይኸውም 12 ቮልት ተቀብሎ 5 ቮልት የሚያወጣ፣ እስከ 2 አምፔር የሚሰጥና በሰከንድ 250,000 ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ባክ ኮንቨርተር ነው።

ቮልቴጅን በሬዚስተር ወይም በሊኒየር ሬጉሌተር መቀነስ እየተቻለ ባክ ኮንቨርተር ለምን ያስፈልጋል?

ሬዚስተር የሚቀንሰው የቮልቴጅ መጠን በውስጡ በሚያልፈው ከረንት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ከረንቱ በተለዋወጠ ቁጥር ውጤቱም ይለዋወጣል። በእኛ ምሳሌ 3.5 ኦም የሆነ ሬዚስተር 2 አምፔር ሲያልፍበት 7 ቮልት ይቀንስና 5 ቮልት ያስቀራል። ተጠቃሚው መሣሪያ ወደ 0.2 አምፔር ዝቅ ሲል ግን ያው ሬዚስተር የሚቀንሰው 0.7 ቮልት ብቻ ነው፤ መሣሪያው ላይም 11.3 ቮልት ይደርሳል። ለ5 ቮልት የተሠራ ዕቃ ይህን አይችልም።

ሊኒየር ሬጉሌተር ይህን ችግር ይፈታል፤ መውጫውን እየተከታተለ ራሱን ስለሚያስተካክል ቮልቴጁ ይጸናል። ነገር ግን በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለውን የ7 ቮልት ልዩነት ተሸክሞ ወደ ሙቀት ከመለወጥ ሌላ መንገድ የለውም። 2 አምፔር ሲያልፍ 14 ዋት ይቃጠላል፤ ለተጠቃሚው መሣሪያ የሚደርሰው ግን 10 ዋት ነው። ከምንጩ ከተወሰደው 24 ዋት ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው 42 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነ ማለት ነው፤ 14 ዋቱን ለማስወገድም ሰፊ የአልሙኒየም ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል።

ባክ ኮንቨርተር መንገዱን የሚለውጠው እዚህ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ የበራ ስዊች ከረንት ያሳልፋል፣ በሁለት ጫፎቹ መካከል ግን ቮልቴጅ የለውም ማለት ይቻላል። ሙሉ በሙሉ የጠፋ ስዊች ደግሞ ቮልቴጅ ይሸከማል፣ ከረንት ግን አያሳልፍም። የሚባክነው ኃይል የሁለቱ ብዜት ስለሆነ በሁለቱም ሁኔታ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ሙቀት የሚፈጠረው በመካከለኛው ሁኔታ ነው፤ ሊኒየር ሬጉሌተር ዘወትር የሚኖረው በዚሁ ሁኔታ ሲሆን ባክ ኮንቨርተር ግን በቅጽበት ያልፈዋል።

ስዊቹ ሲበራና ሲጠፋ በኢንዳክተሩ ውስጥ ምን ይከናወናል?

የሰርኪዩቱ አሠራር ቀላል ነው። ከ12 ቮልቱ ምንጭ ቀጥሎ ስዊቹ፣ ማለትም ሞስፌት የሚባለው ትራንዚስተር አለ፤ ከስዊቹ ቀጥሎ ኢንዳክተሩ፣ ከኢንዳክተሩ ቀጥሎም መውጫው ይገኛል። በመውጫውና በግራውንድ መካከል ካፓሲተር ተቀምጧል። ስዊቹና ኢንዳክተሩ ከሚገናኙበት ነጥብ ወደ ግራውንድ ደግሞ አንድ ዳዮድ አለ፤ ይህ ዳዮድ ከግራውንድ ወደ ነጥቡ ብቻ እንዲያሳልፍ ሆኖ የተቀመጠ ነው።

ስዊቹ ሲበራ የኢንዳክተሩ አንደኛው ጫፍ 12 ቮልት ላይ፣ ሌላኛው ጫፍ 5 ቮልት ላይ ይሆናል፤ ስለዚህ ኢንዳክተሩ የሚያየው 7 ቮልት ነው። ሽቦ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከረንቱ ወዲያውኑ ከፍተኛ በሆነ ነበር፤ ኢንዳክተር ግን ቮልቴጅ ሲያርፍበት ከረንቱ የሚያድገው ቀስ በቀስ፣ በቀጥተኛ መስመር ነው። የዕድገቱ ፍጥነት ቮልቴጁ ለኢንዳክታንሱ ተካፍሎ የሚገኘው ነው። የኢንዳክተሩ መጠን 22 ማይክሮሄንሪ ከሆነ ከረንቱ በየማይክሮሰከንዱ በ0.32 አምፔር ገደማ ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ከምንጩ የሚመጣው ኢነርጂ በከፊል ወደ መውጫው ያልፋል፣ በከፊል ደግሞ በኢንዳክተሩ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ይከማቻል።

ስዊቹ ሲጠፋ በኢንዳክተሩ ውስጥ ያለው ከረንት በድንገት ሊቆም አይችልም፤ መግነጢሳዊ መስኩ መሟሸሽ ሲጀምር ከረንቱ በነበረበት አቅጣጫ እንዲቀጥል የሚያስገድድ ቮልቴጅ ይፈጥራልና። በስዊቹ በኩል ያለው ጫፍ ከ12 ቮልት ተነሥቶ ከግራውንድ በታች ጥቂት እስኪሆን ድረስ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ዳዮዱ ይከፈትና ከረንቱ ከግራውንድ በዳዮዱ፣ ከዚያም በኢንዳክተሩ በኩል ወደ መውጫው መዞሩን ይቀጥላል። ዳዮዱ ባይኖር ኢንዳክተሩ መንገድ እስኪያገኝ ድረስ ቮልቴጁን ማሳደጉን አያቆምም፤ የሚያገኘውም መንገድ ብዙ ጊዜ ሞስፌቱን ሰብሮ ነው። ዳዮዱ መንገድ ከሰጠ በኋላ ኢንዳክተሩ የሚያየው በተቃራኒ አቅጣጫ የሆነ 5 ቮልት ስለሆነ ከረንቱ በየማይክሮሰከንዱ በ0.23 አምፔር ገደማ ይቀንሳል። ከዚያ ስዊቹ እንደገና ይበራል።

የመውጫው ቮልቴጅ ስዊቹ በበራበት ጊዜ መጠን የሚወሰነው ለምንድን ነው?

ስዊቹ ከአንድ ዙር ውስጥ በርቶ የሚቆይበት ክፍልፋይ ዲዩቲ ሳይክል ይባላል፤ በቀመር D ተብሎ ይጻፋል። በሰከንድ 250,000 ዙር ካለ አንዱ ዙር 4 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል። ሥራው በተረጋጋበት ሁኔታ ኢንዳክተሩ በበራው ጊዜ ያገኘውን የከረንት ጭማሪ በጠፋው ጊዜ በትክክል መመለስ አለበት፤ ካልመለሰ ከረንቱ ከዙር ወደ ዙር እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ይሄዳል፣ ያም መረጋጋት አይደለም። ስለዚህ በበራው ጊዜ ኢንዳክተሩ ላይ ያረፈው ቮልቴጅ በጊዜው ተባዝቶ፣ በጠፋው ጊዜ ከሚያርፈው ቮልቴጅ ከጊዜው ጋር ከተባዛው እኩል ይሆናል፦

```
(Vin − Vout) × D = Vout × (1 − D)
Vout = D × Vin
```

በእኛ ምሳሌ D ከ5/12 እኩል፣ ማለትም 0.417 ነው። ስዊቹ 1.67 ማይክሮሰከንድ በርቶ 2.33 ማይክሮሰከንድ ይጠፋል። 7 ቮልት በ1.67 ሲባዛ 11.7 ይሆናል፤ 5 ቮልት በ2.33 ሲባዛም እንዲሁ 11.7 ይሆናል። ሁለቱም ለ22 ማይክሮሄንሪ ሲካፈሉ 0.53 አምፔር ይሰጣሉ፤ ከረንቱ በየዙሩ የሚወጣውና የሚወርደው ይህን ያህል ነው። መውጫው ላይ 2 አምፔር ሲወሰድ የኢንዳክተሩ ከረንት ከ1.73 እስከ 2.27 አምፔር እየተመላለሰ አማካዩ 2 አምፔር ይሆናል።

ዲዩቲ ሳይክሉ በድንገት ወደ 0.5 ቢያድግ ምን እንደሚሆን መከታተል ይህን ሚዛን በደንብ ያሳያል። መውጫው ገና 5 ቮልት ላይ ሳለ በበራው ጊዜ የሚጨምረው ከረንት በጠፋው ጊዜ ከሚቀንሰው ይበልጣል፤ ትርፉ ከዙር ወደ ዙር ይጠራቀምና ካፓሲተሩን ወደ ላይ ይሞላዋል። መውጫው ከፍ ባለ ቁጥር በበራው ጊዜ ኢንዳክተሩ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ ይቀንሳል፣ በጠፋው ጊዜ የሚያርፈው ደግሞ ይጨምራል። ጥቂት ከተወዛወዘ በኋላ ሁለቱ እኩል በሚሆኑበት በ6 ቮልት ላይ ይረጋጋል። በቀመሩ ውስጥ የኢንዳክተሩ መጠን፣ ድግግሞሹም ሆነ የሚወሰደው ከረንት እንደሌሉ ልብ ይሏል። በተግባር የዳዮዱና የስዊቹ ብክነት ስላለ ስዊቹን የሚያበራውና የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ D ን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፤ ዳዮዱ ላይ 0.5 ቮልት፣ ስዊቹ ላይ 0.1 ቮልት ቢጠፋ 0.44 ገደማ ያስፈልጋል።

ከምንጩ ከ1 አምፔር በታች እየተወሰደ መውጫው ላይ 2 አምፔር የሚገኘው ከየት ነው?

ይህ ብዙ ሰው የሚጠራጠርበት ነገር ነው፤ ሆኖም በአሚሜትር ለክቶ ማረጋገጥ ይቻላል። ብክነት ባይኖር ከምንጩ በአማካይ የሚወሰደው 0.83 አምፔር ነው፤ የሰርኪዩቱ ብቃት 90 በመቶ ከሆነ ደግሞ 0.93 አምፔር ይሆናል። መውጫው ላይ 10 ዋት ካለ መግቢያው ላይ 11.1 ዋት አለ፤ ከረንቱ ቢጨምርም ቮልቴጁ ስለቀነሰ ከምንም የተፈጠረ ኃይል የለም።

ምክንያቱ ከረንቱ በሚዞርበት መንገድ ላይ ነው። ምንጩ ከረንት የሚሰጠው ስዊቹ በበራበት 42 በመቶ ጊዜ ብቻ ነው። በቀሪው 58 በመቶ ጊዜ ከረንቱ ምንጩን ሳይነካ በዳዮዱ፣ በኢንዳክተሩና በተጠቃሚው መሣሪያ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ የሚገፋውም በኢንዳክተሩ ውስጥ የተከማቸው ኢነርጂ ነው። መሣሪያው ዘወትር 2 አምፔር ያገኛል፣ ምንጩ ግን 2 አምፔር የሚሰጠው ከጊዜው በከፊሉ ብቻ ስለሆነ አማካዩ ዝቅ ይላል።

ኢንዳክተሩ ቀርቶ ስዊችና ካፓሲተር ብቻ ቢሆኑስ?

ስዊቹ በፍጥነት ሲበራና ሲጠፋ አማካዩ 5 ቮልት ከሆነ ያንን አማካይ በካፓሲተር ማለስለስ የሚበቃ ይመስላል። ለማሞቂያ ሬዚስተር የተቆራረጠ ቮልቴጅ መስጠት በእርግጥ ይበቃል፤ ለዲሲ ሞተርም ይሠራል፣ ምክንያቱም የሞተሩ ጥምጥም ራሱ ኢንዳክተር ነው። ንጹሕ 5 ቮልት ለሚፈልግ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ግን አይሆንም።

5 ቮልት የያዘ ካፓሲተር በስዊች በኩል ከ12 ቮልት ምንጭ ጋር ሲገናኝ ከረንቱን የሚገታው የሽቦውና የስዊቹ ትንሽ ሬዚስታንስ ብቻ ነው። 7 ቮልቱ የግድ አንድ ቦታ ላይ ማረፍ ስላለበት በዚያ ትንሽ ሬዚስታንስ ላይ ያርፋል፤ ለአጭር ቅጽበትም እጅግ ከፍተኛ ከረንት ይፈሳል። ሬዚስታንሱን ማሳነስ ከረንቱን ያብሰዋል እንጂ ብክነቱን አይቀንሰውም፤ ከ12 ቮልት ተነሥቶ 5 ቮልት ላይ የሚደርስ እያንዳንዱ ቻርጅ የ7 ቮልት ድርሻውን በመንገድ ላይ አሙቆ ያልፋል። በዚህ አሠራር የሚገባው ቻርጅ ከሚወጣው ጋር እኩል ስለሆነ የመግቢያው አማካይ ከረንትም 2 አምፔር ነው፤ ብቃቱም እንደገና 42 በመቶ ይሆናል። ስዊቹ ምንም ያህል ቢፈጥን የሊኒየር ሬጉሌተሩ ሂሳብ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ኢንዳክተሩ የሚለየው ያንን 7 ቮልት ሳያቃጥል የሚሸከም በመሆኑ ነው። በቮልቴጁ ላይ የሚያርፈው ኢነርጂ ወደ ሙቀት ሳይሆን ወደ መግነጢሳዊ መስክ ይገባል፤ ከማይክሮሰከንዶች በኋላም ተመልሶ ወደ መውጫው ይሄዳል። የባክ ኮንቨርተር ምሥጢር ስዊቹ መፍጠኑ ብቻ አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው፤ ፍጥነቱ ያለ ኢንዳክተሩ ምንም አያተርፍም።

የኢንዳክተሩ መጠን እንዴት ይመረጣል? ሳቹሬሽን ሲያጋጥምስ በምን ይታወቃል?

የተለመደው መነሻ የከረንቱ መዋዠቅ ከሙሉ የመውጫ ከረንት 30 በመቶ ገደማ እንዲሆን ማድረግ ነው። ለ2 አምፔር ይህ 0.6 አምፔር ነው። 7 ቮልት ለ1.67 ማይክሮሰከንድ ሲያርፍ ከረንቱ በ0.6 አምፔር እንዲያድግ 19.4 ማይክሮሄንሪ ያስፈልጋል፤ በገበያ ከሚገኙት መደበኛ መጠኖች ቅርቡ 22 ስለሆነ እሱ ይወሰዳል። ከዚህ በጣም ያነሰ ኢንዳክተር የከረንቱን ጫፍ ከፍ ያደርጋል፣ ካፓሲተሩንም ያስቸግራል። በጣም የበለጠው ደግሞ ጥምጥሙ ስለሚበዛ የሽቦው ሬዚስታንስ ይጨምራል፤ ተጠቃሚው መሣሪያ በድንገት ተጨማሪ ከረንት ሲጠይቅም ቶሎ አይደርስለትም።

ከማይክሮሄንሪው ይልቅ ብዙ ጊዜ ሰው የሚስተው የከረንት ልኩን ነው። የኢንዳክተሩ ኮር፣ ማለትም ሽቦው የተጠመጠመበት ማዕከል፣ ሊይዝ የሚችለው መግነጢሳዊ መጠን ገደብ አለው፤ ከረንቱ ከገደቡ ሲያልፍ ኮሩ ይጠግባል፣ ኢንዳክታንሱም ይወርዳል። ይህ ሳቹሬሽን ነው። ኢንዳክታንሱ ሲወርድ ከረንቱ የሚያድግበት ፍጥነት ይጨምራል፣ ከረንቱ ሲጨምር ኮሩ ይበልጥ ይጠግባል፤ በዚህ መልኩ አንዱ ሌላውን እየገፋ በማይክሮሰከንድ ውስጥ ሞስፌቱን አደጋ ላይ ይጥላል። የፌራይት ኮር በድንገት ይጠግባል፣ ሲሞቅም ገደቡ ይበልጥ ዝቅ ይላል፤ የብረት ዱቄት ኮር ግን ቀስ እያለ ስለሚጠግብ የተሻለ ይታገሣል።

በምሳሌያችን የከረንቱ ጫፍ 2.27 አምፔር ስለሆነ 2.5 አምፔር የሚችል ኢንዳክተር የሚበቃ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መውጫው ከግራውንድ ጋር በቀጥታ ተገናኝቶ ቢያጥር ወይም ከሚገባው በላይ ቢጫን፣ ከረንቱ መቆጣጠሪያው እስከሚያቋርጥበት ገደብ ድረስ ይወጣል። መቆጣጠሪያው የሚያቋርጠው በ3.5 አምፔር ከሆነ የኢንዳክተሩ የሳቹሬሽን ልክ ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ሳቹሬሽን መኖሩን ለማወቅ የኢንዳክተሩን ከረንት በከረንት ፕሮብ ኦሲሎስኮፕ ላይ ማየት ነው፤ ጤነኛው ከረንት በቀጥታ መስመር ሲወጣ የጠገበው ጫፉ ላይ ወደ ላይ ይታጠፋል። ፕሮብ ለሌለው ሰው ደግሞ ምልክቱ በትንሽ ከረንት ያለ ችግር የሚሠራ ሰርኪዩት ወደ ሙሉ ከረንቱ ሲጠጋ፣ በተለይም ከሞቀ በኋላ፣ በድንገት ሲያቋርጥ ነው።

ስዊቹ ይህን ያህል መፍጠን ለምን አስፈለገው? የበለጠ ቢፈጥንስ?

ዙሩ ባጠረ ቁጥር ኢንዳክተሩ በአንድ ዙር የሚያከማቸው ኢነርጂ ያንሳል፤ ስለዚህ ኢንዳክተሩም ካፓሲተሩም ማነስ ይችላሉ። ድግግሞሹ 25 ኪሎኸርዝ ቢሆን ለተመሳሳይ የከረንት መዋዠቅ 220 ማይክሮሄንሪ ያስፈልጋል፤ 2.5 ሜጋኸርዝ ቢሆን 2.2 ማይክሮሄንሪ ይበቃል። ከ20 ኪሎኸርዝ በታች መውረድ ደግሞ በጆሮ የሚሰማ ጩኸት ሊያመጣ ይችላል።

የፍጥነቱ ዋጋ የሚከፈለው በሽግግሩ ቅጽበት ነው። ሞስፌቱ ሲበራና ሲጠፋ ለ20 ናኖሰከንድ ያህል ቮልቴጅም ከረንትም በአንድነት ይሸከማል። 12 ቮልትና 2 አምፔር ላይ ሁለቱ ሽግግሮች በየዙሩ ግማሽ ማይክሮጁል ገደማ ያባክናሉ፤ በ250 ኪሎኸርዝ ይህ 0.12 ዋት ነው፣ በ2.5 ሜጋኸርዝ ግን 1.2 ዋት ይሆናል። የሞስፌቱን ጌት፣ ማለትም የሚያበራውንና የሚያጠፋውን ጫፍ፣ ለመሙላትና ለማፍሰስ የሚወጣው ኃይልም በዚያው ልክ ያድጋል። ሌላም ገደብ አለ፤ በ2.5 ሜጋኸርዝ 12 ቮልትን ወደ 1 ቮልት ለማውረድ ስዊቹ በየዙሩ 33 ናኖሰከንድ ብቻ በርቶ መጥፋት አለበት፤ ብዙ መቆጣጠሪያዎች ከዚህ የሚረዝም ዝቅተኛ የመብሪያ ጊዜ ስላላቸው አንዳንድ ዙሮችን እየዘለሉ መውጫውን ያውኩታል።

በዳዮዱ ፈንታ ሁለተኛ ሞስፌት የሚገባው ለምንድን ነው?

ሾትኪ ዳዮድ ሲያሳልፍ 0.5 ቮልት ገደማ ይወስዳል። 2 አምፔር ለ58 በመቶ ጊዜ ሲያልፍበት 0.58 ዋት ይባክናል። በቦታው 20 ሚሊኦም የሆነ ሞስፌት ቢገባ ብክነቱ ወደ 0.05 ዋት ይወርዳል። መውጫው 1 ቮልት ቢሆን ኖሮ ዳዮዱ ከመውጫው ግማሽ የሚያህል ቮልቴጅ ብቻውን ይወስድ ነበር፤ ለዚህ ነው ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሰጡ ኮንቨርተሮች ሁለት ሞስፌት የሚጠቀሙት።

ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሁለቱ ሞስፌቶች በአንድ ጊዜ እንዳይበሩ ነው፤ ከበሩ ምንጩ በቀጥታ ወደ ግራውንድ ያጥራል። ስለዚህ መቆጣጠሪያው አንዱን ካጠፋ በኋላ ሌላውን ከማብራቱ በፊት ጥቂት ናኖሰከንዶች ሁለቱንም አጥፍቶ ይቆያል።

የሚወሰደው ከረንት ሲያንስ በኦሲሎስኮፕ የሚታየው ሞገድ ለምን ይለወጣል?

ከረንቱ በ0.53 አምፔር ስለሚዋዥቅ አማካዩ ከ0.27 አምፔር ገደማ በታች ሲወርድ የታችኛው ጫፍ ዜሮን ይነካል። ዳዮድ ወደ ኋላ ስለማያሳልፍ የኢንዳክተሩ ከረንት ዙሩ ሳያልቅ ዜሮ ላይ ደርሶ ይቆማል። ከዚያ ጀምሮ `Vout = D × Vin` የሚለው ቀመር አይሠራም። ዲዩቲ ሳይክሉ ባለበት ቢቀጥል መውጫው ከ5 ቮልት በላይ ይወጣ ስለነበር መቆጣጠሪያው የመብሪያውን ጊዜ ያሳጥራል።

ከረንቱ ከቆመ በኋላ በስዊቹና በኢንዳክተሩ መገናኛ ነጥብ ላይ በ5 ቮልት ዙሪያ የሚወዛወዝና ቀስ እያለ የሚጠፋ ሞገድ ይታያል። ኢንዳክተሩ ከሞስፌቱና ከዳዮዱ ትንሽ ካፓሲታንስ ጋር ሲላወስ የሚፈጠር ነው፤ የሚይዘው ኢነርጂ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ብልሽት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

መውጫው ላይ ያለውን ሪፕል የሚወስነው ምንድን ነው? ካፓሲተር ብጨምርም ሹል የቮልቴጅ ጫፉ ለምን አልጠፋም?

ሪፕል፣ ማለትም የመውጫው ቮልቴጅ መዋዠቅ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደርበው የሚታዩበት ስለሆነ መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ኢንዳክተሩ የሚያዋዥቀው 0.53 አምፔር ካፓሲተሩን ሲሞላና ሲያጎድል የሚመጣው ነው። 22 ማይክሮፋራድ የሆነ ሴራሚክ ካፓሲተር ላይ ይህ 12 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል። የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ውስጣዊ ሬዚስታንሱ 0.1 ኦም ከሆነ ግን በዚያ ምክንያት ብቻ 53 ሚሊቮልት ይታያል፤ ማይክሮፋራዱን ማብዛትም ውስጣዊ ሬዚስታንሱን ካልቀነሰ አይረዳም። ሴራሚኩም የራሱ ጉድለት አለው። ብዙዎቹ ዓይነቶች ቮልቴጅ ሲያርፍባቸው አቅማቸው ስለሚቀንስ በላዩ የተጻፈው 22 ማይክሮፋራድ በ5 ቮልት ላይ ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ስዊቹ በበራና በጠፋ ቅጽበት የሚታየው ሹል ጫፍ ነው፤ የዚህ መነሻ በአብዛኛው መውጫው ሳይሆን መግቢያው ነው። በመግቢያው በኩል ያለው ከረንት በ20 ናኖሰከንድ ውስጥ ከዜሮ ወደ 2 አምፔር ይዘላል። በዚህ ፍጥነት አንድ ሴንቲሜትር የሚያህል የመዳብ መስመር እንኳ፣ 10 ናኖሄንሪ ገደማ ስለሚሆን፣ 1 ቮልት ያመነጫል። ስለዚህ የመግቢያው ሴራሚክ ካፓሲተር ከስዊቹና ከዳዮዱ ጋር ተጠግቶ መቀመጥ አለበት፤ በሦስቱ መካከል ያለው ቀለበት ባነሰ ቁጥር ሹል ጫፉም ያንሳል። ሰርኪዩቱን በብሬድቦርድ ላይ በረጃጅም ሽቦ የገጣጠመ ሰው ስሌቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ጥሩ ውጤት የማያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ካፓሲተር ከመቀየር በፊት አለካኩ ይፈተሽ። የኦሲሎስኮፑ ፕሮብ ረጅሙ የግራውንድ ሽቦ ራሱ እንደ አንቴና ሆኖ የሌለ ሹል ጫፍ ያሳያል። ቀላሉ ማረጋገጫ የፕሮቡን ጫፍ ከራሱ የግራውንድ ሽቦ ጋር አገናኝቶ ሁለቱንም የመውጫው ግራውንድ ላይ መንካት ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ጫፉ ከታየ የሚታየው የፕሮቡ እንጂ የመውጫው አይደለም።

የመግቢያው ቮልቴጅ ሲወርድ ኮንቨርተሩ ይበልጥ ከረንት የሚስበው ለምንድን ነው?

መቆጣጠሪያው መውጫውን በሁለት ሬዚስተሮች ከፍሎ ከውስጣዊ የማነጻጸሪያ ቮልቴጅ ጋር እያስተያየ ዲዩቲ ሳይክሉን ያስተካክላል። መግቢያው ሲወርድ D ን ይጨምራል፤ መውጫውም 5 ቮልት ላይ ይጸናል። የሚወጣው 10 ዋት ካልተለወጠ የሚገባው 11.1 ዋትም አይለወጥም፤ ስለዚህ በ12 ቮልት 0.93 አምፔር የነበረው በ9 ቮልት 1.23፣ በ7 ቮልት 1.59 አምፔር ይሆናል።

ይህ ጠባይ ደካማ ምንጭ ወይም ረጅምና ቀጭን ሽቦ ሲኖር ችግር ያመጣል። ከረንቱ ሲጨምር ሽቦው ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ ይጨምራል፣ መግቢያው ይወርዳል፣ ኮንቨርተሩም ይበልጥ ይስባል። መጨረሻው ኮንቨርተሩ ሥራውን አቋርጦ እንደገና መጀመር፣ ከዚያም ደግሞ ማቋረጥ ነው። ምልክቱ በየጊዜው የሚበራና የሚጠፋ መሣሪያ ስለሆነ ብዙዎች ኮንቨርተሩን ይጠረጥራሉ፤ መለካት ያለበት ግን በኮንቨርተሩ መግቢያ ፒኖች ላይ፣ ሙሉ ከረንት እየተወሰደ ያለው ቮልቴጅ ነው። ምንጩ ጋ 12 ቮልት ታይቶ ፒኖቹ ላይ 8 ቮልት ከሆነ ጥፋቱ የሽቦው ነው።

ኮንቨርተሩ ሲበላሽ ሙሉው 12 ቮልት ወደ መሣሪያው ሊያልፍ ይችላል?

አዎን፣ ይችላል። ሞስፌት ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አጥሮ ነው፤ ማለትም እንደበራ ይቀራል። ያን ጊዜ ኢንዳክተሩ ወዲያው ይጠግብና እንደ ተራ ሽቦ ይሆናል፤ 12 ቮልቱም በቀጥታ መውጫው ላይ ይደርሳል። መቆጣጠሪያው ስዊቹን አጥፋ ቢልም የሚጠፋ ስዊች ስለሌለ የራሱ መከላከያዎች እዚህ አይረዱም።

መውጫው ላይ ውድ ወይም ሊተካ የማይችል ዕቃ ካለ ከኮንቨርተሩ የተለየ መከላከያ ማስገባት ይገባል። የቆየውና አስተማማኙ መንገድ በመግቢያው ላይ ፊውዝ፣ በመውጫው ላይ ደግሞ ቮልቴጁ ከ6 ቮልት ገደማ ሲያልፍ በርቶ መውጫውን ወደ ግራውንድ የሚያሳጥር ታይሪስተር ማድረግ ነው። ታይሪስተሩ አንዴ ከበራ ከረንቱ እስኪቋረጥ ድረስ አይለቅም፤ ስለዚህ የሚፈሰው ከረንት ፊውዙን ያቃጥለዋል፣ ምንጩም ይቋረጣል። ይህ እንዲሠራ ግን ምንጩ ፊውዙን ለማቃጠል የሚበቃ ከረንት መስጠት አለበት። ለ2 አምፔር መውጫ መግቢያው 1 አምፔር እንኳ ስለማይደርስ 2 አምፔር የሆነ ፊውዝ በቂ ክፍተት ይሰጣል፤ ከ2 አምፔር በላይ መስጠት የማይችል አስማሚ ላይ ከተሰካ ግን ፊውዙ ላይቃጠል ይችላል። በዚያ ጊዜ መውጫውን ዝቅ አድርጎ የሚይዘው ታይሪስተሩ ብቻ ስለሚሆን፣ የምንጩን ሙሉ ከረንት ያለማቋረጥ ሳይቃጠል መሸከም የሚችል ተደርጎ መመረጥ አለበት።